በከረጢት የሚከፈል ጉልበት፦ የድንች ለቃሚዎች ሒሳብ የሚዛባው የት ላይ ነው?

ከአዲስ አበባ ወጥቶ በአምቦ መንገድ ከመናገሻ እስከ ሆለታ ባለው ደጋ፣ ድንች በሚነቀልበት ወቅት ባለማሳውና የሠራተኞቹ ካቦ የሚስማሙት ባጭሩ ነው፤ «በከረጢት ይህን ያህል»። ማታ ደግሞ ሠራተኞቹ እርስ በርስ የሚከፋፈሉበት ደንብ ከዚያም ያጥራል፤ «የሞላኸውን ያህል ትወስዳለህ»። ከረጢት የሚቆጠር ነገር ነው፤ ቆጥሮ ማባዛትም የተለየ ዕውቀት አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ማታ ማታ ጭቅጭቅ የሚነሳው በዚሁ ቀላል በሚመስለው ሒሳብ ላይ ነው፤ ማባዛቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰው ተበደልኩ ብሎ ይሄዳል።

እኔ በሞሉት ልክ መከፋፈሉን የምቃወም አይደለሁም። በቀን ከሚከፈል ደመወዝ ይልቅ ይህን የሚመርጥ ብዙ ጠንካራ ሠራተኛ አለ፤ ምክንያቱም አለው። ችግሩ የከረጢቱ ቁጥር የሚነግረን የመጨረሻውን እጅ ሥራ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ እጅ በፊት የቆፈረው ሰው፣ ለቃሚው የደረሰው ትልም እና የከረጢቱ የራሱ መጠን ቁጥሩ ውስጥ ተደብቀው ይገባሉ። ክፍፍሉ ፍትሐዊ የሚሆነው እነዚህ አስቀድመው ሲስተካከሉ ነው።

ከሥራው ሒደት እንጀምር። ድንች ከመነቀሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ግንዱና ቅጠሉ ይታጨዳል፤ ይህ የሚደረገው አፈር ውስጥ ያለው ድንች ልጣጩ እንዲጠነክር ነው። በአውራ ጣት ሲታሽ ልጣጩ ካልተገፈፈ ደርሷል። በመንቀያው ቀን ቆፋሪው በዶማ ወይም በመንሽ መደቡን እየከፈተ ድንቹን ወደ ላይ ያወጣል። ለቃሚው ከኋላው እየተከተለ አፈሩን ያራግፋል፣ የተቆረጠውንና የበሰበሰውን ይለያል፣ በባልዲ እየለቀመ ከረጢት ውስጥ ይገለብጣል፣ ሲሞላ አፉን በሲባጎ ይሰፋል። በብዙ ቡድን ውስጥ ቆፋሪና ለቃሚ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ «የሞላኸውን ያህል» የሚለው ደንብ ወዲያው ይሰናከላል። ቆፋሪው አንድም ከረጢት አልሞላም። ደንቡ ቃል በቃል ቢሠራበት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የዋለው ሰው ባዶ እጁን ይገባ ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ከረጢት ዋጋ ላይ የቆፋሪው ድርሻ አስቀድሞ መነሳት አለበት፤ ለቃሚዎቹ በቁጥር የሚከፋፈሉት የቀረውን ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ስድስት ሰዎች ያሉበት ቡድን በከረጢት 75 ብር ተስማማ እንበል። ሁለቱ ቆፋሪዎች፣ አራቱ ለቃሚዎች ናቸው። ማታ ማሳው ዳር 64 ከረጢት ተቆጠረ፤ ጠቅላላው ገንዘብ 4,800 ብር መሆኑ ነው። እኩል ቢካፈሉ ለእያንዳንዱ 800 ብር ይደርሰዋል። ነገር ግን ይህ ቡድን ከ75 ብሩ 25ቱ ለቁፋሮ፣ 50ው ለለቀማ እንዲሆን ጠዋት ተስማምቷል። ቆፋሪዎቹ 1,600 ብር ወስደው እኩል ሲካፈሉ 800፣ 800 ደረሳቸው። ከለቃሚዎቹ ሀ 22፣ ለ 17፣ ሐ 14፣ መ ደግሞ 11 ከረጢት ስለሞሉ በቅደም ተከተል 1,100፣ 850፣ 700 እና 550 ብር ያዙ። ድምሩ 3,200 ነው፤ ሒሳቡ ልክ ነው።

ልክ ነው፤ ግን ሀ የመን እጥፍ አገኘ። ማታ በዚህ ጊዜ የሚሰማው አስተያየት የታወቀ ነው፤ አንዱ ጎበዝ፣ ሌላው ሰነፍ ይባላል። ይህ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ማን ከማን ኋላ ነበር? በዚህ ቡድን ውስጥ ሀ እና ለ የለቀሙት ከመጀመሪያው ቆፋሪ ኋላ፣ አፈሩ ለስላሳ በሆነው በታችኛው የማሳው ክፍል ነው። ሐ እና መ ከሁለተኛው ቆፋሪ ኋላ፣ ድንጋይ በበዛበት በተዳፋቱ ላይ ውለዋል። በታች በኩል 39 ከረጢት፣ በላይ በኩል 25 ከረጢት ወጥቷል። መ እጁ ቢፈጥንም ያልተቆፈረ ድንች ሊለቅም አይችልም። ቆፋሪው ድንጋይ ሲመታ ለቃሚውም ቆሞ ይጠብቃል፤ ከአንድ እግር ሥር የሚወጣው ፍሬ አነስ ሲልም አንድ ባልዲ ለመሙላት ብዙ መራመድ አለበት።

ታዲያ ልዩነቱ ከእጅ ይሁን ከመሬት እንዴት ይታወቃል? መላው ቀላል ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ለቃሚዎቹን ማቀያየር ነው። በማግስቱ ይህ ቡድን እንደዚያ አደረገ እንበል። ጠዋት እንደ ትናንቱ ሆነው ሀ 11፣ ለ 9፣ ሐ 7፣ መ 5 ሞሉ። ከምሳ በኋላ ሀ እና ለ ወደ ተዳፋቱ ወጡ፣ ሐ እና መ ወደ ታች ወረዱ። ከሰዓት ሀ 7፣ ለ 6፣ ሐ 10፣ መ 9 ሆነ። ቁጥሩ ሰውየውን ሳይሆን ቦታውን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው። የቀኑ ድምር ሀ 18፣ ለ 15፣ ሐ 17፣ መ 14 ሲሆን፣ ሁሉም ተደምሮ እንደ ትናንቱ 64 ነው። ክፍያው 900፣ 750፣ 850 እና 700 ብር ይሆናል። ባለማሳው አንድ ብር አልጨመረም፣ ቡድኑም አንድ ከረጢት አላጣም። በመጀመሪያው ቀን በሀ እና በመ መካከል የነበረው የ550 ብር ልዩነት ግን ወደ 200 ብር ወረደ።

የቀረው 200 ብር የእጅ ልዩነት ነው ቢባል ያስኬዳል። በሁለቱም ቦታ ሀ ከለ፣ ሐ ከመ በልጠዋል፤ ሀ ደግሞ በታች በኩል ከሁሉም ቀዳሚ ነው፣ በተዳፋቱ ላይ ከሐ ጋር እኩል ነው። ይህን ልዩነት መክፈል ተገቢ ይመስለኛል፤ በሞሉት ልክ መከፋፈል የተፈለገውም ለዚህ ነው። እኩል እንካፈል የሚሉ ቡድኖች አሉ፤ ከአንድ አገር የመጡ፣ በአንድ ቤት የሚያድሩ፣ ለዓመታት አብረው የሠሩ ከሆኑ ያዋጣቸዋል። ጠዋት መንገድ ዳር ተገናኝተው ማታ ለሚለያዩ ሰዎች ግን እኩል መካፈል ፈጣኑን ሠራተኛ ከቀትር በኋላ ቀስ እንዲል ያደርገዋል።

ሁለቱ ቆፋሪዎች ግን እኩል መካፈላቸው ይሻላል እላለሁ። የመጀመሪያው ቆፋሪ ከእሱ ኋላ በወጣው 39 ከረጢት ቢከፈለው 975 ብር፣ ሁለተኛው በ25ቱ 625 ብር ያገኝ ነበር። ድንጋያማውን መሬት የቆፈረው ሰው የበለጠ ደክሞ ያነሰ ሊወስድ ነው። ያ ከሆነ በማግስቱ ተዳፋቱን የሚወስድ ሰው አይገኝም። ወይም ቆፋሪው ለቁጥር ሲል መደቡን ከላይ ከላይ እየገረፈ ያልፋል፤ ድንቹ ከሥር ይቀራል። ባለማሳው ይህን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ ከሠራተኞቹ ኋላ ቃርሚያ የገቡ ሰዎች ከአንድ ትልም ብዙ ባልዲ ሲያወጡ ካየ፣ ቁፋሮው ጥልቀት አልነበረውም።

አሁን ወደ ከረጢቱ እንምጣ፤ ከፍተኛው ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነውና። ለድንች የሚውለው ብዙ ጊዜ ማዳበሪያ የመጣበት ከረጢት ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው 50 ኪሎ የማዳበሪያው ክብደት እንጂ የድንቹ አይደለም። ድንች እንደ ፍሬው ትልቅነትና እንደ አሞላሉ ክብደቱ ይለያያል። ከዚያም በላይ ከረጢቱ አፉ ድረስ ብቻ ላይሞላ ይችላል፤ ከአፉ በላይ ድንች ይቆለልና በሲባጎ እየተጠላለፈ ይሰፋል። ነጋዴው ከባለማሳው የሚገዛው በከረጢት ቁጥር ከሆነ ቁልሉ እንዲረዝም ይፈልጋል፤ ባለማሳውም ደንበኛው እንዳይሸሽ ለሠራተኞቹ «ጨምሩበት» ይላል። የተስማሙበት 75 ብር ግን አይጨምርም።

ቡድናችን በቀን የሚያወጣው ድንች 3,200 ኪሎ ነው እንበል። ከረጢቱ 50 ኪሎ ሲይዝ 64 ከረጢት፣ 4,800 ብር ነው። ቁልሉ ጨምሮ ከረጢቱ 60 ኪሎ ቢይዝ ግን ያው 3,200 ኪሎ 53 ከረጢት ይሞላና 20 ኪሎ ይተርፋል። ትርፉን እንደ ሲሶ ከረጢት ብንቆጥረው እንኳ ክፍያው 4,000 ብር ነው። ድንቹ አልቀነሰም፣ ቁፋሮው አልቀነሰም፣ 800 ብሩ ግን የለም። ይህ በእኩል ክፍፍል የአንድ ሰው የቀን ሙሉ ገቢ ነው፤ ስድስት ሰው ሠርቶ አምስት ሰው ተከፈለ ማለት ነው። ማንም ዋጋ ቀነስኩ አላለም፣ ማንም ሲቀነስ አላየም።

መከላከያው ስምምነቱ ውስጥ የከረጢቱን ልክ አብሮ መናገር ነው። «በከረጢት 75» ከማለት ይልቅ «አፉ ድረስ ተሞልቶ ለሚሰፋ 75፣ ቁልል ካለው 90» ማለት ይቻላል። የ90 ብሩ መነሻ ግልጽ ነው፤ ለ50 ኪሎ 75 ብር ከሆነ በኪሎ ብር ከ50 ሳንቲም ነው፣ 60 ኪሎ ደግሞ በዚሁ ሒሳብ 90 ብር ይመጣል። ተንጠልጣይ ሚዛን ካለ ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ከረጢቶች መመዘን በቂ ነው። ሚዛን ከሌለ በባልዲ ይለካል። ሃያ ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ ጢም ብሎ ሲሞላ 13 ኪሎ ገደማ ድንች ይይዛል፤ ስለዚህ አራት ባልዲ ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። አምስተኛው ባልዲ ሊገለበጥ ሲል ካቦው መናገር ያለበት ያኔ ነው፤ መኪናው ላይ ከተጫነ በኋላ የሚነገር ነገር ሰሚ የለውም።

የባልዲ ቆጠራ ሌላም ጥቅም አለው። ፀሐይ ስትጠልቅ በየሰዉ እጅ ያልሞላ ከረጢት ይቀራል። የአንዱ ግማሽ፣ የሌላው ሩብ በአንድ ላይ ተገልብጦ ይሰፋና የማን እንደሆነ ይጠፋል፤ ወይም ካቦው «ለቡድኑ ነው» ብሎ ለራሱ ይይዘዋል። አንድ ባልዲ ሩብ ከረጢት ነው ተብሎ አስቀድሞ ከታወቀ ሦስት ባልዲ ያለው ሰው የሦስት ሩብ ዋጋ፣ በምሳሌያችን ከለቀማው 50 ብር ላይ 37 ብር ከ50 ሳንቲም ይያዝለታል። ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ግን ሥራው አሥር ቀን ከቆየ ትንሽ ሆኖ አይቀርም።

እስካሁን ባለማሳው ለቡድኑ የሚከፍለውም፣ ቡድኑ እርስ በርስ የሚካፈለውም በከረጢት ነበር። ገንዘቡ የሚገባበትና የሚከፋፈልበት መለኪያ ሲለያይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግር ይመጣል። አንዳንድ ባለማሳ ድንቹን በሚዛን ስለሚሸጥ ለቡድኑም በኪሎ ይከፍላል። ቡድኑ ግን በልማድ በከረጢት ቁጥር ይካፈላል። ሁለት ለቃሚዎች እያንዳንዳቸው በትክክል 900 ኪሎ ለቀሙ እንበል። አንዱ ከረጢቱን እየነቀነቀ አጥብቆ 50 ኪሎ ስለሚሞላ 18 ከረጢት አለው። ሌላው አላልቶ 45 ኪሎ ስለሚሞላ 20 ከረጢት አለው። ለለቀማ በኪሎ አንድ ብር ከተከፈለ ጠቅላላው 1,800 ብር ነው። ይህ ለ38 ከረጢት ሲካፈል አጥብቆ የሞላው 853 ብር ገደማ፣ አላልቶ የሞላው 947 ብር ገደማ ያገኛል። እኩል ድንች ለቅመው የ95 ብር ያህል ልዩነት መጣ፤ የተጎዳውም በደንብ የሞላው ነው።

ልብ መባል ያለበት፣ ባለማሳው እዚህ ምንም አልጎደለበትም፤ በኪሎ ከፍሏል። ስለዚህ ይህን ጉድለት የሚቆጣጠር የውጭ ሰው የለም፤ ገንዘቡ ከጓደኛ ኪስ ወደ ጓደኛ ኪስ የሚሄድ ነው። ምልክቱ ግን ይታያል። ከቀን ወደ ቀን የከረጢቱ ቁጥር እየጨመረ የሚዛኑ ድምር ባለበት ከቆመ፣ ከረጢቶቹ እየላሉ ነው። በኪሎ የሚከፈለው ቡድን የእያንዳንዱን ሰው ከረጢት ለይቶ ማስመዘን አለበት፤ ለዚህም እያንዳንዱ የራሱ ቀለም ያለው ጨርቅ ወይም ክር በከረጢቱ ጆሮ ላይ ቢያስር ይበቃል። ያው ምልክት ማሳው ዳር በሚደረገው ቆጠራም «ይህ የእኔ ነው» የሚለውን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ከረጢቱ አንድ ሆኖ ሥራው የሚለያይበት ጊዜም አለ። ለዘር የሚቀመጠው ድንች ከሚበላው ተለይቶ ይለቀማል፤ ፍሬው ትንሽ ነው። ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል በአካባቢው ስለሚገኝ እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎችን ለዘር የሚያመርቱ ገበሬዎች እዚህ አሉ፤ ለእነርሱ ትንሹ ድንች የሚጣል ሳይሆን የሚሸጥ ነው። አንዱ ፍሬ 100 ግራም የሚመዝን ከሆነ 50 ኪሎ ለመሙላት 500 ፍሬ ይለቀማል። ፍሬው 40 ግራም ከሆነ 1,250 ይደርሳል። ለሁለቱም 75 ብር ከተባለ ማንም ለትንሹ ጎንበስ አይልም። ሁሉም ትልልቁን እየመረጠ ያልፋል፣ ትንሹ አፈር ላይ ይቀራል፣ ባለማሳውም «ዘሬን ጣላችሁት» ብሎ ከክፍያ ሊቀንስ ይነሳል። ሠራተኞቹን ልግመኞች ከማለት በፊት ዋጋውን መመልከት ይሻላል። ለዘር ከረጢት የተለየ ዋጋ ይቆረጥ፤ ወይም ዘር ለቀማው ከከረጢት ሒሳብ ወጥቶ በቀን ይከፈል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ በቁጥር ሲከፈል መበላሸቱ አይቀርም።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ በሥራ ውጤት ልክ መክፈልን አይከለክልም። ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ በሥራ ላይ ስለሌለ ደግሞ የከረጢቱ ዋጋ ከዚህ በታች አይውረድ የሚል ወለል የለም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት ይላል፤ በአራት ቀን ለሚያልቅ የድንች ነቀላ ይህ ቀልድ ይመስላል። ባለማሳው ደግሞ «እኔ የተዋዋልኩት ከካቦው ጋር ነው» ሊል ይችላል፤ ካቦው በራሱ ኃላፊነት ሥራ የያዘ ሰው ነው ከተባለ ለቃሚው አሠሪው ማን እንደሆነ እንኳ ለማስረዳት ይቸገራል። ገንዘቡ በሙሉ በካቦው ስልክ በቴሌብር ሲገባ ይህ ይብሳል፤ ለስድስቱ ሰዎች የተከፈለው ማስረጃ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ ይቀራል። ስልኩን ለሁሉም ማሳየትና እዚያው ማሳው ዳር ለየሰዉ ማስተላለፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከአዋጁ ውስጥ ለከረጢት ሠራተኛ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ብዙም የማይነሳ ድንጋጌ ነው። በመሠረቱ ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው፤ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ ባለመቅረቡ፣ ወይም በእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ግን ደመወዙን የማግኘት መብት አለው። ወደ ማሳው ስናወርደው፣ ቡድኑ ጠዋት በአንድ ሰዓት ደርሶ ባዶ ከረጢት የጫነው መኪና በአራት ሰዓት ቢመጣ ሦስት ሰዓት ባክኗል። በቀን ደመወዝ ቢሆን ኪሳራው የባለማሳው ነበር። በከረጢት ክፍያ ግን ያልተሞላ ከረጢት ስለማይቆጠር ሦስቱም ሰዓት ከሠራተኛው ኪስ ይወጣል። ባለማሳው ልጣጩ ገና ያልጠነከረ ድንች አስነቅሎ «ልጣጩ እንዳይላጥ ቀስ በሉ» ሲልም እንደዚሁ ነው፤ የዘገየው በእሱ ውሳኔ፣ የቀነሰው ከእነርሱ ቁጥር ነው።

ፍርድ ቤት ድረስ የሚሄድ ለቃሚ አይኖርም፤ የጠበቃው ወጪ ብቻ የወቅቱን ገቢ ይበልጣል። ግን መርሁ ጠዋት በሚደረገው ንግግር ውስጥ በቁጥር ሊገባ ይችላል። ቡድናችን በስምንት ሰዓት ሥራ 64 ከረጢት ካወጣ በሰዓት 8 ከረጢት ነው። ስለዚህ ካቦው «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከረጢት ሳይቀርብ ለሚያልፈው ለእያንዳንዱ ሰዓት 8 ከረጢት ይቆጠርልን» ማለት ይችላል። መኪናው በአራት ሰዓት ቢመጣ የሚቆጠረው 16 ከረጢት፣ 1,200 ብር ነው። ማን እንደሞላው ስለማይታወቅ ይህ ገንዘብ ለስድስቱም እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ 200 ብር። በግማሹ ለመስማማት የሚጠይቅ ባለማሳ ይኖራል፤ በግማሹም ቢሆን ከረጢቱ በማግስቱ በጊዜ ይመጣል።